«ተጠሪነት ለማኔጅመንቱ» ብሎ ደብዳቤ የለም

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዱከም አካባቢ ባለ የማሸጊያ ዕቃዎች ፋብሪካ የሰው ኃይል ሠራተኛ ነኝ፤ ክፍሉ ማለት እኔው ብቻ ነኝ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የመጋዘንና ሥርጭት ኃላፊ ቀጥረን ነበር። በሰባተኛው ሳምንት አንድ ቀን እንኳን ሳያስጠነቅቅ ጥሎን ሄደ። የሰጠነው ደብዳቤ ግማሽ ገጽ ነው፦ ‹ወርኃዊ ደመወዝ 40,000 ብር፤ የሙከራ ጊዜ 3 ወር፤ ተጠሪነት ለማኔጅመንቱ፤ ሌሎች ጥቅማ ጥቅሞች በድርጅቱ መመሪያ መሠረት፤ ቅጥሩ የሚጸናው ክሊራንስና ዋስ ሲቀርብ ነው።› ሰውየው 40,000ው ሙሉው እጁ የሚገባ መስሎት ነበር። በዚያ ላይ ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ የሒሳብ ኃላፊዋና የባለቤቱ ወንድም ሦስቱም ያዝዙት ነበር። አሁን ሌላ ሰው መርጠናል፤ ታኅሣሥ ላይ እንዲጀምር እንፈልጋለን። ደብዳቤውን እንዴት ልጻፈው? ባለቤቱ ‹ብዙ አትጻፊ፣ የጻፍሽው ሁሉ ነገ ያስጠይቀናል› ይላሉ።»

እኅቴ፣ ከባለቤቱ ቃል ልጀምር፤ ግማሹ እውነት ነውና። የተጻፈ ነገር ያስጠይቃል። ያልተጻፈው ግን ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ አሠሪው ዝም ባለበት ቦታ ሕግ ይገባል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል የሥራውን ዓይነት፣ የሥራውን ቦታ፣ የደመወዙን መጠንና ስሌት፣ የአከፋፈሉን ሁኔታና ውሉ የሚቆይበትን ጊዜ መግለጽ አለበት። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ እነዚህን ነገሮች የያዘ የተፈረመ መግለጫ ለሠራተኛው መስጠት ይገደዳል። ስለዚህ አሳጥረሽ ብትጽፊም መጠየቁ አይቀርላችሁም፤ ብቻ ስትጠየቁ የምታሳዩት ወረቀት አይኖራችሁም።

አብዛኛው ሰው ስለ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲጠየቅ ከደመወዙ ይጀምራል። እኔ ከተጠሪነቱ እጀምራለሁ፤ የእናንተን ሰው ያባረረው እሱ ነው ብዬ አምናለሁና። የደመወዙ ቅሬታ የመጀመሪያው ወር ክፍያ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ሰውየው ግን ከዚያ በኋላም ሳምንታት ሠርቷል። እንዲህ ያለ ሰው የሚሄደው በገንዘቡ ተቆጥቶ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ትዕዛዝ እንደሚጠየቅ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

የመጋዘን ኃላፊን ቀን አስቢው። ሥራ አስኪያጁ ሙሉ ክፍያ ላልፈጸመ ደንበኛ ዕቃ እንዳይወጣ አዘዋል። የባለቤቱ ወንድም ደግሞ ከመኪናው ሆኖ ይደውልና «ሁለት መቶ ካርቶን ጫንለት፣ ሰነዱን ነገ እናስተካክላለን» ይላል። የሒሳብ ኃላፊዋ በወር መጨረሻ ቆጠራ ላይ መጥታ ቢን ካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥርና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ለምን አይገናኙም ትላለች። ያ ሰው የቱንም ቢመርጥ ጥፋተኛ ነው። ቢታዘዝ ዕቃ አጉዳይ ይባላል፤ እምቢ ቢል ታዛዥ አይደለም ይባላል። «ተጠሪነት ለማኔጅመንቱ» የሚለው ቃል ሦስቱንም አለቃ አድርጎ ሾሟቸዋል። ማኔጅመንት ስልክ አይደውልም፤ የሚደውለው ሰው ነው።

እኔ ራሴ በወጣትነቴ አንድ ድርጅት ውስጥ ለአንድ የግዥ ባለሙያ ይህንኑ ቃል ጽፌ ሰጥቻለሁ። የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ የሥራ አፈጻጸም ቅጹን ይዤ ማን እንደሚሞላው ስጠይቅ ሦስት ኃላፊዎች ሦስት የተለያየ ነጥብ ሞልተው ሰጡኝ፤ አንዱ እንዲጸና፣ ሌላው እንዲሰናበት። የሦስቱን አማካይ ወስደን ሰውን በአማካይ ቀጠርነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ተጠሪነቱን እንዲህ አድርገሽ ጻፊው፦

«ተጠሪነትዎ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው። የሥራ ትዕዛዝ የሚቀበሉት፣ ዓመት ፈቃድ የሚጠይቁትና የሥራ አፈጻጸም ግምገማ የሚደረግልዎት በእርሳቸው ነው። ለሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ በየወሩ መጨረሻ የንብረት ቆጠራ ሪፖርት ያቀርባሉ፤ በቆጠራው ጊዜም ይተባበራሉ። የሒሳብ ክፍሉ ግን ዕቃ እንዲገባም ሆነ እንዲወጣ ትዕዛዝ አይሰጥም። ከመጋዘን ዕቃ የሚወጣው በዋና ሥራ አስኪያጁ ወይም እርሳቸው በጽሑፍ በወከሉት ሰው በተፈረመ የዕቃ ወጪ ሰነድ ብቻ ነው። ለእርስዎ ተጠሪ የሚሆኑት ሁለት የመጋዘን ሠራተኞችና ሦስት ሾፌሮች ናቸው። ይህ ተጠሪነት ቢለወጥ በጽሑፍ ይገለጽልዎታል።»

የሠራተኞቹን ቁጥር ባላውቅም ሞላሁልሽ፤ በትክክለኛው ተኪው። የግለሰብ ስም ግን አታስገቢ፤ የሥራ መደቡን ጻፊ። ሥራ አስኪያጁ ነገ ቢለወጡ ደብዳቤው እንዳያረጅ ነው። አንቀጹ የሚለየው ሁለት ነገር መሆኑን ልብ በይ፤ ማዘዝ አንድ ነገር ነው፣ ሪፖርት መቀበል ሌላ። የሒሳብ ኃላፊዋ መረጃ የማግኘት መብቷ ሳይነካ አለቃ ከመሆን ወጥታለች። የባለቤቱ ወንድም ደግሞ በስም ሳይጠሩ በር ተዘግቶባቸዋል። ባለቤቱ ወንድማቸው ትዕዛዝ እንዲሰጥ ከፈለጉ መከልከል አይቻልም፤ ያኔ ግን የጽሑፍ ውክልና ይስጡት።

በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ብዙ ሰው የማያየው አንድ ወጥመድ አለ። ደብዳቤው ትልቅ እንዲመስል «ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወርና የማሰናበት ሥልጣን ይኖርዎታል» ብለሽ እንዳትጽፊ። አዋጁ «የሥራ መሪ» ብሎ የሚጠራቸውን ሰዎች አይሸፍንም፤ የሥራ መሪ የሚባለው ደግሞ ከሌሎች ነገሮች ጋር ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም የመመደብ ሥልጣን ያለው ሰው ነው። መለያው ሥልጣኑ ነው፤ «ኃላፊ» የሚለው መጠሪያ ለብቻው አንድን ሰው የሥራ መሪ አያደርገውም። የእናንተ መጋዘን ኃላፊ የሾፌሮቹን ተራ የሚያወጣና ስለ ሥራቸው አስተያየት የሚያቀርብ ብቻ ከሆነ እንዲያ ብለሽ ጻፊ፦ «የዕለት ሥራ ያከፋፍላሉ፤ በቅጥር፣ በቅጣትና በስንብት ጉዳይ የውሳኔ ሐሳብ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ያቀርባሉ።» ሥልጣኑ በእውነት ያለው ሰው ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። የሥራ መሪ ውል የሚዳኘው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለሆነ ዓመት ፈቃዱንም፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜውንም፣ የስንብት ክፍያውንም ራሳችሁ በውሉ ውስጥ መወሰን አለባችሁ። «በአዋጁ መሠረት» የምትለው የተለመደች ሐረግ እዚያ አትሠራም። በመካከለኛ እርከን ቅጥር ክርክር የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ድንበር ላይ ነው፤ አሠሪው «የሥራ መሪ ነበር» ሲል፣ ሠራተኛው «አለቃዬ ሳይፈቅድ አንድ ዘበኛ እንኳ አልቀጠርኩም» ሲል።

ወደ ሙከራው ጊዜ እንለፍ። ሦስት ወር ብላችሁ መጻፋችሁ ስህተት ነው። በአዋጁ አንቀጽ 11 መሠረት የሙከራ ጊዜ ሥራው ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም፤ በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ ሙከራ የሚባል ነገር የለም። ቀድሞ በነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ጊዜው 45 ተከታታይ ቀናት ነበር፤ ሦስት ወር የሚለው ልማድ ከየት እንደመጣ ሁልጊዜ ይገርመኛል፣ ከሁለቱም ሕግ አይደለምና። አደጋው የሚታየው በ61ኛው የሥራ ቀን ነው። አሠሪው «ገና ሙከራ ላይ ነው» ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብታል፤ በሕግ ዓይን ግን ያ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተቀጠረ ሠራተኛ ሆኗል፤ ስንብቱም ሕገ ወጥ ይሆናል። ደብዳቤው ላይ መፈረሙ አያድናችሁም።

በሙከራ ጊዜ ውስጥ ግን አሠሪው ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ አለመሆኑን ካየ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ የስንብት ክፍያም ሆነ ካሣ ሳይከፍል ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ሠራተኛውም በተመሳሳይ ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ይችላል። ያለፈው ሰውሽ የሄደው በሰባተኛው ሳምንት ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን ብትሠሩ እንኳን ከ42 የሥራ ቀን አይበልጥም። ስለዚህ በእሱ ላይ የምታነሡት ክስ የለም። ባለቤቱ ስለ እሱ ክፉ ደብዳቤ ጻፊ ቢሉሽ እምቢ በይ።

አሁን ቀኑን እንቁጠረው። ሰውየው ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ቢጀምርና ፋብሪካችሁ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቢሠራ 60 የሥራ ቀን ዐሥር ሳምንት ይመስላል። ነገር ግን ገና ታኅሣሥ 29 ረቡዕ ይውላል፤ ጥምቀት ጥር 11 ሰኞ ይውላል። እነዚህ ሁለቱ የሥራ ቀን አይደሉም። ስለዚህ ዐሥረኛው ሳምንት የካቲት 14 ቅዳሜ ሲያልቅ የተሠራው 58 ቀን ብቻ ነው፤ 60ኛው ቀን ማክሰኞ፣ የካቲት 17 ይሆናል። በሳምንት አምስት ቀን ብቻ የምትሠሩ ቢሆን ኖሮ ዓድዋም ውስጥ ይገባና 60ኛው ቀን ረቡዕ፣ መጋቢት 2 ላይ ያርፍ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ልዩነት ነው። ለዚህ ነው «60 የሥራ ቀናት» ብለሽ ብቻ አትተዪው የምልሽ፤ የመጨረሻውን ቀን በስሙ ጥሪው፦

«የሙከራ ጊዜው ሥራ ከሚጀምሩበት ከታኅሣሥ 6 ቀን 2018 እስከ የካቲት 17 ቀን 2018 ያለው 60 የሥራ ቀን ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ጥር 15 ቀን 2018 የመጀመሪያ ግምገማ አድርገው በጽሑፍ ይሰጡዎታል፤ የመጨረሻው ግምገማ ውጤት እስከ የካቲት 10 ቀን 2018 ይገለጽልዎታል። ግምገማው የሚመለከተው በወር መጨረሻ ቆጠራ የሚገኘውን የዕቃ ልዩነት፣ የዕቃ ወጪ ሰነድ አያያዝንና ጭነት በተባለበት ቀን መውጣቱን ነው።»

የመጨረሻውን ግምገማ ከማብቂያው አንድ ሳምንት ቀደም ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በመጨረሻው ቀን የሚገመግም አለቃ በዚያ ቀን ይታመማል፣ ወይም ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ ሊያወጣ ይሄዳል፣ ቀኑም ያልፋል። ያለፈ ቀን ደግሞ ሠራተኛውን ማንም ሳይወስን ያጸናዋል። የካቲት 10ን በቀን መቁጠሪያሽ ላይ በቀይ አክብቢው። አንድ ነገር ልጨምር፤ «በሙከራ ጊዜ ደመወዙ 30,000፣ ከዚያ 40,000» የሚባል ልማድ አለ። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ፣ ሕግ ወይም የሥራ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት ሌላ ካላለ በቀር፣ ሙከራውን ከጨረሰ ሠራተኛ ጋር እኩል መብትና ግዴታ አለው። ደመወዙን በሁለት ከፍላችሁ ክርክር ከመጋበዝ አንዱን መጠን ጻፉ።

ደመወዙ ላይ ደግሞ አንድ ቃል ነው የጎደላችሁ፤ «ያልተጣራ» የሚለው። እስቲ እናስላው። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገቢ ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል። አስሊዎቹ እርከን በእርከን ከመደመር ይልቅ አቋራጩን ይጠቀማሉ፦ ከ14,000 በላይ ለሆነ ደመወዝ ጠቅላላውን በ35 በመቶ አባዝተሽ 2,050 ትቀንሻለሽ። ለ40,000 ብር ግብሩ 14,000 ሲቀነስ 2,050፣ ማለትም 11,950 ብር ነው። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ 2,800 ብር ነው። በእጁ የሚገባው 25,250 ብር ሆነ። ሰውየው 40,000 ጠብቆ 25,250 ሲያይ የተሰማውን መገመት አያቅትም፤ 14,750 ብር የቤት ኪራይ ነው።

አሁን የመረጣችሁት ሰው «40,000 የተጣራ ነው የተባልኩት» ቢልሽስ? ስሌቱን ወደ ኋላ መሥራት ያስፈልጋል። ከ40,000 ላይ 2,050 ቀንሺና በ0.58 አካፍዪው፤ 35ቱና 7ቱ ተቀንሰው የሚቀረው 58 በመቶ ነውና። ያልተጣራው 65,431 ብር ይሆናል። በዚያ ላይ ድርጅቱ የራሱን 11 በመቶ ጡረታ ሲጨምር፣ አንድ ሰው በወር 72,628 ብር ገደማ ያስወጣዋል። ባለቤቱ ይህን ቁጥር ከመቀጠሩ በፊት ይወቁት። በቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ደመወዝ የተናገረው ማን እንደሆነ፣ የትኛውን ቃል እንደተጠቀመም ዛሬውኑ ጠይቂና ለተመረጠው ሰው ደውይለት። ደብዳቤው ሄዶ ካየው በኋላ ማስረዳት የተንኮል ሽታ አለው።

ባለቤቱ ምናልባት ይህን ሲሰሙ «መሠረታዊውን 28,000 አድርጊና 12,000ውን አበል በይው» ሊሉሽ ይችላሉ። የሚቆጥቡት ገንዘብ አለ፤ ጡረታ የሚታሰበው በመሠረታዊው ደመወዝ ላይ ስለሆነ የድርጅቱ 11 በመቶ ከ4,400 ወደ 3,080 ይወርዳል። ሠራተኛው ግን በተቃራኒው ያጣል። የጡረታ መዋጮው ዝቅ ይላል፤ የስንብት ክፍያ የሚገባው ሆኖ ቢገኝ በትንሹ ደመወዝ ይሰላል፤ አዋጁ የትራንስፖርት አበልን፣ ቦነስንና የመሳሰለውን እንደ ደመወዝ አይቆጥርምና። አበል ሁሉ ከግብር ነፃ የሚመስላቸውም አሉ፤ የትራንስፖርት አበል ከግብር ነፃ የሚሆነው በመመሪያ እስከ ተወሰነው ጣሪያ ድረስ ብቻ ነው። እኔ ብሆን ለትራንስፖርት በእውነት የሚወጣውን ብቻ አበል አድርጌ ሌላውን በመሠረታዊው አስገባለሁ። የሆነው ሆኖ ሁለቱ በአንድ ቁጥር ተጨፍልቀው አይጻፉ፦

«ያልተጣራ መሠረታዊ ደመወዝዎ በወር 40,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቀነሳል። ይህ ደብዳቤ በተጻፈበት ቀን ባለው ስሌት በእጅዎ የሚገባው 25,250 ብር ነው፤ የግብር ሕጉ ቢለወጥ ይህ አኃዝ ይለወጣል። ክፍያው በየወሩ በ28ኛው ቀን በባንክ ሒሳብዎ ገቢ ይደረጋል። ከዚህ ውጭ የሚከፈል አበል የለም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትፍሪያት። አበል ከሌለ የለም ማለት ክብር ነው። «በድርጅቱ መመሪያ መሠረት» የምትለውን ግን ሰርዢያት፤ ከደብዳቤሽ እንደገመትሁት የተጻፈ መመሪያ የላችሁም፤ ቢኖራችሁ አያይዢው። የሥራ ሰዓቱንም እዚያው በአንድ መስመር ጨርሺ፤ በሕግ ጣሪያው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ዓመት ፈቃዱ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ እናንተ የምትጨምሩት ከሌለ ይህንኑ መጻፍ ይበቃል።

የቀረው ክሊራንሱና ዋሱ ነው፤ ሰው በደብዳቤ መካከል ተንጠልጥሎ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው አሁን ሥራ አለው። ለመልቀቅ 30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ የመጋዘን ሰው ከሆነ ደግሞ ቆጠራና ርክክብ አለበት። ክሊራንሱን የሚያገኘው ከለቀቀ በኋላ ነው። እናንተ «ቅጥሩ የሚጸናው ክሊራንስና ዋስ ሲቀርብ ነው» ስትሉት፣ ያለውን ሥራ ለቅቆ፣ የእናንተንም ሳይዝ፣ በመካከል ቁም ማለታችሁ ነው። ብልህ ሰው በዚህ ደብዳቤ አይለቅም። ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው ግን ይለቃል፤ እናንተም ምርጫችሁ በዚያው ይወሰናል።

መፍትሔው ቅድመ ሁኔታዎቹን በሁለት መክፈል ነው፤ ከመልቀቁ በፊት የሚያልቁና ከለቀቀ በኋላ የሚመጡ። የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ዋናው ተመሳክሮ መታየቱ፣ የጤና ምርመራውና ዋሱ በመጀመሪያው ክፍል ይግቡ። ምርመራውን ድርጅቱ ይክፈል። ደብዳቤውን ጥቅምት 21 ብትሰጪው መልስና ማስረጃ ለማቅረብ እስከ ኅዳር 4 ሁለት ሳምንት ያገኛል። ሁሉም ሲሟላ በዚያው ቀን «ተሟልቷል፣ ቅጥርዎ ጸንቷል» የምትል የሁለት መስመር ማረጋገጫ ስጪው። ኅዳር 5 የመልቀቂያ ማመልከቻውን ያስገባል፤ 30ው ቀን ታኅሣሥ 5 ያልቃል፤ በማግስቱ እናንተ ጋ ይጀምራል። ቀኖቹ እንዲህ የሚገጣጠሙት ዛሬ ስለጀመርሽ ነው፤ ደብዳቤው ሳምንት ቢዘገይ መጀመሪያውንም፣ የሙከራውን ማብቂያም አብረሽ ትገፊያለሽ።

ክሊራንሱን ሥራ ከጀመረ በኋላ እንዲያመጣ ፍቀጂለት፤ ስልሳ ቀን ብትሰጪው ይበቃል። የቀድሞ አሠሪው ርክክቡን ቢያጓትትበት የእሱ ጥፋት አይደለምና «የርክክብ መዘግየት ከቀድሞ መሥሪያ ቤትዎ በጽሑፍ ከተረጋገጠ የሥራ መጀመሪያው ቀን እስከ ታኅሣሥ 20 ሊራዘም ይችላል፤ የሙከራው ጊዜም ከአዲሱ ቀን ይቆጠራል» የምትል መስመር ጨምሪ።

ስለ ዋሱ አስተያየቴን አልደብቅም፤ ደመወዝተኛ ወዳጅን ለዕቃ ጉድለት ማስያዝ አልወደውም። ቆጠራ በየወሩ የሚያደርግ ድርጅት ዋስ ከሚጠይቅ ድርጅት ያነሰ ዕቃ ይጠፋበታል። ባለቤቱ ግን እንደማይተዉት አውቃለሁ። እንግዲያው መጠኑን ጻፊ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት የዋስትና ውል ዋጋ የለውም። «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ብሎ የፈረመ ሰው ወረቀት በመሳቢያችሁ ካለ የምታምኑት ከንቱ ነገር ነው። እኔ የሦስት ወር ደመወዝ፣ 120,000 ብር ባደርገው በቂ ይመስለኛል፦

«ቋሚ ገቢ ያለው አንድ ዋስ እስከ ብር 120,000 ለሚደርስ ኃላፊነት የሚፈርመውን ውል እስከ ኅዳር 4 ቀን 2018 ያቀርባሉ። በተባለው ቀን ካልቀረበ ይህ ደብዳቤ ቀሪ ይሆናል፤ ድርጅቱም ይህንኑ በማግስቱ በጽሑፍ ያሳውቅዎታል።»

ቅድመ ሁኔታ ስትጽፊ እንዲህ ምን፣ እስከ መቼና ካልተሟላ ምን እንደሚሆን አብረው ይምጡ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ተቀጣሪው ተቀጥሮ ይሁን ሳይቀጠር ማንም አያውቅም። «ተፈላጊው ሁሉ ሲሟላ» ዓይነት ሐረግ ደግሞ አለቃው ሐሳቡን በለወጠ ቁጥር አዲስ ተፈላጊ ይወልዳል።

ደብዳቤው ከሁለት ገጽ አይበልጥም። በሁለት ቅጂ አትሚው፤ ሁለቱም ገጽ ይፈረም፤ አንዱ ከእሱ ጋር ይቅር፣ አንዱ በፋይሉ ይግባ። ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ መሆኑንም በግልጽ ጻፊው። ከመላክሽ በፊት ግን የተጠሪነቱን አንቀጽ ብቻ በተለየ ወረቀት አውጪና ለዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ለሒሳብ ኃላፊዋና ለባለቤቱ ወንድም አስነብቢያቸው፤ ሦስቱም ማየታቸውን ይፈርሙ። ወንድምየው ካልፈረሙ ወደ ባለቤቱ ይዘሽው ግቢ፤ «ያለ ወጪ ሰነድ ዕቃ የሚያስወጣው ማን እንደሆነ ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ይወስኑልኝ» በያቸው። መልሳቸውን እስክትሰሚ ድረስ ደብዳቤው መሳቢያሽ ውስጥ ይቆይ።